የሦስት ደቂቃ ንግግር በሦስት መመዘኛ፦ ቅልጥፍና፣ ትክክለኛነት፣ ግልጽነት

በውጭ ቋንቋ ክፍል የሚቀርብ አጭር የቃል ገለጻ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ተማሪው ከክፍል ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ቤተሰቡ ወይም ስለ ትናንት ውሎው ይናገራል፤ መምህሩ ያዳምጥና ነጥብ ይሰጣል። የጽሑፍ ፈተና ወረቀቱ ላይ ስለሚቀር ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ንግግር ግን ከአፍ እንደወጣ ያልፋል፤ መምህሩ እጅ ላይ የሚቀረው ስሜት ብቻ ነው። ስሜቱ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ደፍሮ የሚናገር ተማሪ ከሚገባው በላይ፣ ዓይን አፋሩ ደግሞ ከሚገባው በታች ሊያገኝ ይችላል። የነጥብ መስጫ መመሪያ፣ ብዙ መምህራን ሩብሪክ የሚሉት ሰንጠረዥ፣ የሚዘጋጀው ይህን ለመከላከል ነው። መምህሩ ምን ምን ነገር እንዲያዳምጥ አስቀድሞ ይወስናል፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ትርጉም ምን እንደሆነም በቃላት ያስቀምጣል።

በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌነት የተወሰደው አማርኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የሚማሩ አዋቂ ተማሪዎች ክፍል ነው። አማርኛ በፓሪሱ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋምና በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ለሥራ የሚመጡ የውጭ ዜጎች ይማሩታል። ተማሪዎቹ ፊደሉን ለይተዋል፤ ያለፈና የሚመጣ ጊዜን መናገር ችለዋል፤ አሁን ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ማያያዝ እየጀመሩ ነው እንበል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የቋንቋ ችሎታ ማዕቀፍ ደረጃቸው ኤ2 ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ማዕቀፉ ንግግርን በአምስት ገጽታ ያያል፦ በቃላትና በአገላለጽ ስፋት፣ በትክክለኛነት፣ በቅልጥፍና፣ በምልልስና በሐሳብ ትስስር። አንድ ተማሪ ብቻውን ለሦስት ደቂቃ በሚናገርበት ገለጻ ምልልስ የለም። መምህሩም አንድ ጊዜ እያዳመጠ አምስት ነገር ሊከታተል አይችልም። ስለዚህ መመሪያው ወደ ሦስት ይጠባል፤ የሐሳብ ትስስር ግልጽነት ውስጥ ይገባል፣ የአገላለጽ ስፋት ደግሞ ከትክክለኛነት ጋር ይታያል።

መመሪያው ለእያንዳንዱ መመዘኛ አራት እርከን አለው። እርከኖቹ ሦስት ወይም አምስት ቢሆኑ መሐል የሚውል ቁጥር ይኖራል፤ መምህሩ በተጠራጠረ ቁጥር ወደዚያ ይሸሻል፣ ውጤቱም ሁሉ መሐል ላይ ይከማቻል። በአራት እርከን ግን መምህሩ ንግግሩ ወደ ላይኛው ወይስ ወደ ታችኛው ግማሽ እንደሚያደላ መወሰን አለበት።

ቅልጥፍና

ቅልጥፍና ፍጥነት አይደለም። አፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚናገር ሰውም ይቆማል፤ ልዩነቱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «በሩን ዘግታ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ወደ ገበያ ሄደች» ሲል ትንፋሽ የሚወስደው ከ«ዘግታ» እና ከ«ሰጥታ» በኋላ ነው፤ አንዱ ሐሳብ አልቆ ሌላው የሚጀምረው እዚያ ነውና። ጀማሪ ተማሪ ግን «በሩን ዘግ... ታ፣ ቁልፉን ለ... ጎረቤት ሰጥታ ወደ... ገበያ... ሄደች» ሊል ይችላል። የሚቆመው በቃሉ ውስጥ፣ ወይም «ለ» ከሚለው መነሻና ከስሙ መካከል ነው። ሁለቱ ንግግሮች እኩል ደቂቃ ቢፈጁ እንኳ አድማጩ ሁለተኛውን ለመከታተል ብዙ ይደክማል።

አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ጊዜውንና አሉታውን የሚሸከመውም እሱ ነው። «አልነገረችኝም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ማን እንዳልነገረና ለማን እንዳልተነገረ ሁሉ ተጠቃሏል። ይህን ቃል ለማበጀት የሚጣጣር ጀማሪ ከግሡ በፊት ለአፍታ ዝም ቢል አያስደንቅም። መመሪያው በዚህ ቦታ ያለ አጭር ዝምታን ከዚህ ውጭ ካለው መቆራረጥ መለየት አለበት።

የቅልጥፍና እርከኖች እንዲህ ሊጻፉ ይችላሉ፦

4 — ተማሪው በአብዛኛው የሚቆመው ሐሳብ ሲያልቅ ነው። ቃል ቢጠፋው በሌላ ተክቶ ይቀጥላል።
3 — አልፎ አልፎ ሐረግ መሐል ወይም ከግሥ በፊት ይቆማል፤ ግን ያለ እርዳታ ይቀጥላል።
2 — አብዛኛው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይቆረጣል። የተጀመሩ ዓረፍተ ነገሮች ሳያልቁ ይተዋሉ፤ ረጅም ዝምታ ይደጋገማል።
1 — ቃል በቃል ይናገራል፤ ካልታገዘ ወይም ከወረቀት ካላነበበ መቀጠል አይችልም።

መሙያ ቃላት ብዙ ጊዜ ያከራክራሉ። «እ...»፣ «ማለቴ»፣ «እንትን» የሚሉት አማርኛ ተናጋሪዎችም በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ስለሆኑ በራሳቸው ነጥብ አያስቀንሱም። እንዲያውም በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መሙያ ፈንታ «እንትን» ብሎ ጊዜ የሚገዛ ተማሪ የቋንቋውን አካሄድ ይዟል ማለት ነው። ነገሩ የሚለወጠው «እንትኑን እንትን አደረግኩት» ሲል ነው። ያን ጊዜ አድማጩ ስለ ምን እንደሚወራ አያውቅምና ጉዳዩ ወደ ግልጽነት ይሻገራል።

ትክክለኛነት

በዚህ መመሪያ ትክክለኛነት የሚመለከተው የቃላት አረባብን፣ የዓረፍተ ነገር አሠራርንና የቃል ምርጫን ነው። መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ከየትኛው አማርኛ አንጻር ይታረማል የሚለው ነው። መልሱ ከሚነገረው አማርኛ አንጻር ነው። «ሄድኩ»፣ «ሄድኩኝ» እና «ሄድሁ» ሁሉም ከተናጋሪዎች አፍ ይሰማሉ፤ «ሦስት ልጅ አላት» የሚለውም በንግግር የተለመደ ነው። በመማሪያ መጽሐፉ «ሦስት ልጆች» ስለተባለ ብቻ ነጥብ የሚቀንስ መምህር ተማሪውን እየቀጣ ያለው አማርኛ ተናጋሪዎች በሚሉት ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስሕተት እንዴት ይቆጠራል የሚለው ነው። ስሕተቶችን አንድ በአንድ መቁጠር ብዙ የተናገረውን ይጎዳል፤ ሠላሳ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ስድስት የሳተ፣ ስምንት ተናግሮ አራት ከሳተው በታች ይሆናል። ስለዚህ የሚታየው የስሕተቱ ዓይነትና የሚደርስበት ቦታ ነው። «እናቴ ምግብ ሠራ»፣ «እህቴ መጣ»፣ «መምህርቷ ጠየቀ» ያለ ተማሪ ሦስት ጊዜ ቢስትም ስሕተቱ አንድ ዓይነት ነው፦ ግሡን ከባለቤቱ ጾታ ጋር አላስማማም። «መኪናው ገዛሁ» ሲል ደግሞ ተሳቢውን የሚያመለክተውን «ን» ስለተወ ሌላ ዓይነት ስሕተት ሠርቷል።

የክፍሉ ተማሪዎች ገና ያልተማሩትን ነገር ሞክረው ቢሳሳቱ አይቆጠርባቸውም። ካልሆነ አስተዋይ ተማሪ «ነው» እና «አለ» በሚሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ተወስኖ ያለ ስሕተት ይጨርሳል፤ የደፈረው ይቀጣል። ለዚህም ነው ከፍተኛው እርከን ዓረፍተ ነገር ማያያዝን የሚጠይቀው።

4 — የተማሩት ቅርጾች በአብዛኛው ትክክል ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሮች ይያያዛሉ። ስሕተቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ተማሪውም ብዙዎቹን ራሱ ያርማል።
3 — ቀላል ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው። ሲያያዙ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ስሕተት ይደጋገማል።
2 — በቀላል ዓረፍተ ነገር ውስጥም ግሡ ከባለቤቱ ወይም ከጊዜው ጋር አይስማማም፤ ወይም መሠረታዊ ምልክቶች ይቀራሉ።
1 — ንግግሩ የተነጠሉ ቃላትና በቃል የተያዙ ሐረጎች ናቸው፤ ግሥ አይረባም።

«ወንድሜ ሄደች... ሄደ» ብሎ ወዲያው ራሱን ያረመ ተማሪ በትክክለኛነት አይቀነስበትም። እርማቱ በየዓረፍተ ነገሩ ከተደጋገመና ንግግሩን ከቆራረጠው የሚታየው በቅልጥፍና ነው።

ግልጽነት

ግልጽነት ማለት መልእክቱ አድማጩ ዘንድ መድረሱ ነው። ድምፅ፣ አነጋገርና የሐሳብ ቅደም ተከተል እዚህ ይገባሉ። በጣም ተደጋግሞ የሚሠራው ስሕተት ግልጽነትን የውጭ ሰው ከሚያሰማው ለዛ ጋር ማምታታት ነው። መሪ ማንሮና ትሬሲ ደርዊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ አፋቸውን በማንዳሪን ቻይንኛ የፈቱ ሰዎች እንግሊዝኛ ሲናገሩ ለአድማጮች አሰምተዋል። አድማጮቹ የሰሙትን ቃል በቃል እንዲጽፉና የተናጋሪው ለዛ ምን ያህል የውጭ ሰው እንደሚመስል እንዲመዝኑ ተጠየቁ። ለዛቸው ከባድ ነው የተባሉ ብዙ ንግግሮች ያለ አንዳች ስሕተት ተጽፈው ተገኙ። የአውሮፓ ምክር ቤትም በ2018 ባወጣው የማዕቀፉ ተጨማሪ ጥራዝ የአነጋገር መለኪያውን እንደገና ሲጽፍ የአፍ መፍቻ ተናጋሪን መምሰልን ትቶ መሰማትንና መረዳትን መነሻ አድርጓል። ስለዚህ የመምህሩ ጥያቄ «እንደ እኛ ይናገራል ወይ?» ሳይሆን «ያለውን ተረድቻለሁ ወይ?» ነው።

በአማርኛ መልእክትን በቀላሉ የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በተ እና በጠ፣ በከ እና በቀ፣ በቸ እና በጨ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እነዚህን ድምፆች ለይቶ የማያሰማ ተማሪ «አባቴ ትናንት ማታ መታ» ሊል ይችላል፤ ሊል የፈለገው «መጣ» ነው። አድማጩ ማን ተመታ ብሎ ይደነግጣል። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ሲሆን ፊደሉ ስለማይለየው ተማሪው ከንባብ ሊያገኘው አይችልም። «ገና ነው» ሲባል «ና» ከጠበቀ በዓሉ ነው፤ ከላላ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና» እና «አለ»ም እንዲሁ ናቸው። ሆኖም በብዙ ቦታ የዓረፍተ ነገሩ አገባብ አድማጩን ይታደገዋል። «ጠዋት ቡና ተታሁ» ላለ ተማሪ «ጠጣሁ» ማለቱ እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ነጥቡ የሚቀነሰው ድምፁ ስለተሳተ ሳይሆን ትርጉሙ ስለጠፋ ነው።

ሌላው ችግር የድምፅ መውረድ ነው። ፈራ ያለ ተማሪ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፁን ይቀንሳል። በአማርኛ መጨረሻው ግሡ ስለሆነ የሚጠፋው ዋናው ነገር ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ወደ ገበያ» የሚለውን ሰምቶ «ሄድን» ይሁን «አልሄድንም» ሳያውቅ ይቀራል።

4 — የውጭ ሰው አማርኛ ያልለመደ አድማጭም አንዴ ሰምቶ ሁሉን ይረዳል፤ ሐሳቡ በቅደም ተከተል ይሄዳል። የውጭ ሰው ለዛ ቢኖርም ችግር የለውም።
3 — ጥቂት ቃላት በግምት ይያዛሉ፤ የታሪኩ መስመር ግን አይጠፋም።
2 — አድማጩ በርካታ ዓረፍተ ነገሮችን በግምት ይሞላል፤ ከይዘቱ የተወሰነው ይጠፋል።
1 — ርእሱና የተበታተኑ ቃላት ብቻ ይሰማሉ።

አንድ ስሕተት በአንድ ቦታ

ሦስቱ መመዘኛዎች ይደራረባሉ። «እናቴ ሠራ» ያለ ተማሪ አድማጩን ለአፍታ ማደናገሩ አይቀርም፤ ታዲያ የሚቀነሰው ከትክክለኛነት ነው ወይስ ከግልጽነት? መመሪያው ይህን አስቀድሞ ካልወሰነ አንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ ይቀጣል። የሚሠራው ደንብ ቀላል ነው፦ መንስኤው የት እንዳለ ይታያል፣ ነጥቡም እዚያ ብቻ ይቀነሳል። ከቃሉ አረባብ የመጣ ከሆነ ትክክለኛነት፣ ከድምፅ ወይም ከሐሳብ አደራደር የመጣ ከሆነ ግልጽነት፣ ከመቆም ወይም ከመደጋገም የመጣ ከሆነ ቅልጥፍና ነው። «መጣ» ለማለት «መታ» ያለ ተማሪ ግሡን በትክክል አርብቷል፤ የሳተው ድምፁን ነውና ስሕተቱ ግልጽነት ላይ ብቻ ይውላል።

ሦስቱ እኩል ክብደት እንዲኖራቸው ግዴታ የለም። ለዚህ ደረጃ ተማሪዎች ዋናው ግብ መግባባት ስለሆነ የግልጽነት እርከን በ2፣ የሌሎቹ ሁለቱ በ1.5 ይባዛል። በሁሉም 4 ያገኘ 8 ሲደመር 6 ሲደመር 6፣ በድምሩ 20 ይሆንለታል። ከፍ ላለ ክፍል፣ ለምሳሌ ለአስተርጓሚነት ለሚዘጋጁ፣ የትክክለኛነት ክብደት መጨመር ይኖርበታል።

ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ድምር

መመሪያው ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት «የትናንት ውሎዬ» በሚል ርእስ የቀረቡ ሁለት የምሳሌ ገለጻዎችን ማስተያየት ይረዳል። የመጀመሪያዋ ተማሪ ሳትደናቀፍ እንዲህ አለች፦

«ትናንት ከጓደኛዬ ጋር መርካቶ ሄድን፣ ቡና ለመግዛት። ነጋዴዋ ጥሩ ሰው ነው። ዋጋው ውድ ነው አልን፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ትንሽ ቀነሰ። ቤት መጣን፣ ቡናው ኮላን፣ ተታን።»

ንግግሯ ይፈስሳል፤ የቆመችው ሐሳብ ባለቀበት ሁሉ ነው። ቅልጥፍና 4። ነጋዴዋ ሴት ሆና ሳለ «ነው»፣ «ሳቀ»፣ «ቀነሰ» መባሏ አንድ ዓይነት ስሕተት ቢሆንም በቀላል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ነው፤ «ቡናውን» መሆን የነበረበትም «ን» ጎድሎታል። ትክክለኛነት 2። «ቆላን» እና «ጠጣን» በድምፅ ቢሳቱም ከቡና ጋር ስለመጡ አድማጩ አይስታቸውም። ግልጽነት 3።

ሁለተኛው ተማሪ እንዲህ አለ፦

«ትናንት... ከ... ከጓደኛዬ ጋር... ወደ መርካቶ... ሄድን። ቡና ለመግዛት ስለ... ስለፈለግን... አንዲት ነጋዴ... ጠየቅን። ዋጋውን ስትነግረን... ውድ... ነው አልናት። እሷም... ስቃ... ትንሽ ቀነሰችልን።»

እዚህ አንድም የሰዋስው ስሕተት የለም። «ስለፈለግን» እና «ስትነግረን» ዓረፍተ ነገሮቹን አያይዘዋል፤ «ቀነሰችልን» ደግሞ ለዚህ ደረጃ ከባድ የሚባል ቅርጽ ነው። ትክክለኛነት 4። ንግግሩ ግን በየሐረጉ ይቆረጣልና ቅልጥፍና 2። የቀና የጠ ድምፆች ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም ተማሪው ድምፁን ወደ መጨረሻ ስለሚያወርድ ከኋላ የተቀመጡት «ጠየቅን» እና «አልናት» የሚሉትን በግምት ነው የያዙት። ግልጽነት 3።

ሲሰላ የመጀመሪያዋ ግልጽነት 6፣ ቅልጥፍና 6፣ ትክክለኛነት 3፣ በድምሩ 15 አገኘች። የሁለተኛው ግልጽነት 6፣ ቅልጥፍና 3፣ ትክክለኛነት 6 ነው፤ እሱም 15። መምህሩ «15 ከ20» ብሎ ብቻ ወረቀቱን ቢመልስ ሁለቱም ስለ ራሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም። ሦስቱ ቁጥሮች ተለያይተው ሲሰጧቸው ግን መንገዳቸው ይለያያል። የመጀመሪያዋ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አንዲት ሴት ብቻ የሚያወራ ታሪክ ተናግራ የየግሡን መጨረሻ «ች» ማሰማት መልመድ ይኖርባታል። ሁለተኛው አዲስ ሰዋስው አያስፈልገውም። ያንኑ ታሪክ ለሦስት የተለያዩ አድማጮች በየጊዜው እያሳጠረ ደጋግሞ መንገር፣ ግሡን ደግሞ ከፍ አድርጎ መጨረስ ይበቃዋል።

መምህሩ እንዴት ያዳምጣል

ተማሪዎቹ መመሪያውን ከገለጻው አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ሊያገኙት ይገባል። ወደ መድረክ ይዘውት የሚወጡት ወረቀት ቁልፍ ቃላት ብቻ ይኑሩበት፤ ሙሉ ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ቅልጥፍናው የንባብ እንጂ የንግግር አይሆንም። በቃሉ ያጠናውን ለመለየት ደግሞ ገለጻው እንዳለቀ አንድ ያልተጠበቀ ጥያቄ ይቀርብለታል። በገለጻው ላይ ሲንቆረቆር ቆይቶ «ነጋዴዋ ምን ያህል ቀነሰችላችሁ?» ሲባል ቃል በቃል የሚንተባተብ ከሆነ የቅልጥፍናው እርከን መልሱን ጭምር ማየት አለበት።

መምህሩ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሰከንዶች ባይጽፍ ይሻላል፤ ጆሮው ከተናጋሪው ድምፅ ጋር መላመድ አለበት። ከዚያ በሦስት ዓምድ በተከፈለ ወረቀት ላይ በአጭሩ ምልክት ያደርጋል፦ ሐረግ መሐል ለተቆመበት አጭር ሰረዝ፣ ለስሕተት የተሳተውን ቃል፣ ላልገባው ነገር የጥያቄ ምልክት። ግልጽነት ተማሪው ሳይቀመጥ ወዲያው ይመዘናል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ ሁሉም ነገር ግልጽ ስለሚሆን ነው። ትክክለኛነት ግን በተማሪው ፈቃድ በስልክ ከተቀዳው ድምፅ በኋላ ተረጋግቶ ቢታይ የበለጠ ይታመናል።

የግልጽነት ነጥብ አንድ ልዩ ፈተና አለበት። ለወራት ያስተማረ መምህር የተማሪዎቹን አነጋገር ስለለመደ ሌላ ሰው የማይረዳውን ይረዳል። ከሌላ ክፍል አንድ መምህር ተጋብዞ ነጥብ ቢሰጥ፣ ወይም ተማሪዎቹ ከሰሙት ገለጻ ሁለት መረጃ በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡ ቢደረግ ይህ አድልዎ ይጋለጣል። መምህሩ 4 ለሰጠው ገለጻ አብዛኛው ክፍል መረጃውን አሳስቶ ከጻፈ ነጥቡ እንደገና መታየት አለበት።

መመሪያው እንዳልሠራ በምን ይታወቃል

የመጀመሪያው ምልክት የአንድ ተማሪ ሦስቱም ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ የጦር አዛዦች ወታደሮቻቸውን በአካል ብቃት፣ በብልህነት፣ በአመራርና በጠባይ ለየብቻ ሲመዝኑ ነጥቦቹ ከመጠን በላይ እንደሚመሳሰሉ አሳይቷል። በአንዱ ጥሩ የመሰላቸውን በሁሉም ጥሩ አድርገውት ነበር። በቋንቋ ክፍልም ፈገግ ብሎ ፈጥኖ የሚናገር ተማሪ በትክክለኛነትም ከፍ ይላል። 4፣ 4፣ 4 እና 2፣ 2፣ 2 ብቻ የሞላበት ሰንጠረዥ ሦስት መመዘኛ ይኑረው እንጂ የያዘው አንድ ስሜት ነው። መፍትሔው በሁለተኛው ማዳመጥ አንዱን መመዘኛ ብቻ ለሁሉም ተማሪ መስጠት ነው፤ መጀመሪያ የሁሉም ትክክለኛነት፣ ከዚያ የሁሉም ቅልጥፍና።

ሁለተኛው ምልክት ቅደም ተከተል ነጥቡን መለወጡ ነው። በጣም ጥሩ ከተናገረ ተማሪ ቀጥሎ የሚቀርብ ደካማ ይመስላል። ቀድመው የቀረቡት ሦስት ተማሪዎች ድምፅ መጨረሻ ላይ እንደገና ቢደመጥና እርከናቸው ከተቀየረ፣ መምህሩ በመሐል መለኪያውን እንዳዛወረ ይታወቃል።

ሦስተኛው የሁለት መምህራን አለመግባባት ነው። ከወቅቱ ገለጻዎች በፊት ሁለቱ አብረው ሁለትና ሦስት የቆዩ ቅጂዎችን ሰምተው ነጥብ መስጠትና ምክንያታቸውን መነጋገር አለባቸው። ከዚያ በኋላ በአንድ እርከን ቢለያዩ አማካዩ ይወሰዳል። በሁለት እርከን ከተለያዩ ግን አማካይ መውሰድ አይገባም፤ አንደኛቸው የሰማውን ሌላው አልሰማም ማለት ነውና ቅጂው ተመልሶ ይደመጣል። ልዩነቱ በአንድ መመዘኛ ላይ ብቻ ከተደጋገመ ጥፋቱ የመምህራኑ ሳይሆን የእርከኑ አጻጻፍ ነው፤ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ» የሚሉ ቃላት ገብተው ከሆነ በሚሰማ ነገር መተካት አለባቸው።

መመሪያው የማይመጥናቸው ተማሪዎች

በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በእስራኤል ከአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ተወልደው አማርኛን በክፍል የሚማሩ ልጆች ከዚህ ክፍል ተማሪዎች በብዙ ይለያሉ። ድምፆቹን ከልጅነታቸው ስለሰሙ የጠና የቀ ጣጣ የለባቸውም፤ ስለ ቤትና ስለ ምግብም ሳይቆሙ ያወራሉ። በዚህ መመሪያ ገና በመጀመሪያው ቀን በቅልጥፍናና በግልጽነት 4 ሊያገኙ ይችላሉ፤ ነጥቡ ግን ምን እንደሚቀራቸው አያሳይም። ለእነሱ የገለጻው ርእስ ከቤት ወጥቶ ወደ ትምህርት፣ ወደ ዜና ወይም ወደ ሥራ መሄድ አለበት፤ የቃላት ስፋትም ራሱን የቻለ አራተኛ መመዘኛ ይሆናል። ከሌላ ቋንቋ የሚቀላቅሉትም በአንድ ጥያቄ ይለያል፦ ቃሉን አዲስ አበባ ያለ አድማጭ ይረዳዋል ወይ? «ታክሲ» እና «ኮምፒውተር» አያስቀንሱም። አድማጩ የማያውቀው የዕብራይስጥ ቃል ግን ከግልጽነት ይቀንሳል።

መመሪያው ከተባለለት በላይ እንዲለካም መጠበቅ የለበትም። ተማሪው ሲጠየቅ መረዳቱን፣ ጣልቃ ሲገባበት መመለሱን፣ ከታላቁ ጋር በ«እርስዎ»፣ ከእኩያው ጋር በ«አንተ» መነጋገር መቻሉን የሦስት ደቂቃ ገለጻ አያሳይም። እነዚህ የምልልስ ችሎታዎች ስለሆኑ ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት በሚነጋገርበት ሌላ ተግባር፣ በሌላ መመሪያ ይመዘናሉ። የሴሚስተሩ የንግግር ውጤትም የሁለቱ ድምር ሊሆን ይገባል።